የማስተላለፊያ ክፍያ ሁለቴ ሲቆረጥባችሁ

ጅማ ካለው ሱቄ አዲስ አበባ ላለ አከፋፋይ አንዴ በባንክ ገንዘብ ልኬ የአገልግሎት ክፍያው 10 ብር ሁለቴ ተቆረጠብኝ። ለባንኩ ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት ስቴትመንት አስወጡና ሁለቱን ተቀናሾች አስተያዩ። ሁለተኛው የመጀመሪያው 15 በመቶ ከሆነ ቫት ነው፣ አይመለስም። እኩል ከሆኑ ግን እንዲህ ጻፉ፦

“በ12/03/2025 በማጣቀሻ ቁጥር FT25071K4M2Q አንድ ጊዜ ላስተላለፍኩት ገንዘብ 10 ብር የአገልግሎት ክፍያ ሁለት ጊዜ ስለተቆረጠብኝ፣ በስህተት የተቆረጠው 10 ብር ከነቫቱ ወደ ሂሳቤ እንዲመለስልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።”

ቀኑን ስቴትመንቱ ላይ እንዳለው በፈረንጅ አቆጣጠር አድርጉት። እኔ መጀመሪያ በእኛ አቆጣጠር ጽፌው የባንኩ ሠራተኛ ዝውውሩን ፈልጋ አጣችው። ስቴትመንቱን አያይዙ፤ እጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይም የተቀበሉበትን ቀንና ማህተም አስደርጉ።