የልኳንዳ ሽያጭ ወጣ ገባ ሲልባችሁ የስንት ወር አማካይ ትወስዳላችሁ?

ሽያጩ በሺህ ብር የካቲት 40፣ መጋቢት 12፣ ሚያዝያ 68፣ ግንቦት 52 ነው እንበል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ደምራችሁ ለ3 ስታካፍሉ 40 ይመጣል። ከዚያ የካቲትን ጣሉና ግንቦትን ጨምሩ፣ 44 ይሆናል። ተንቀሳቃሽ አማካይ የሚባለው ይሄው ነው።

ግን ያ 44 ገበያው አደገ ማለት አይደለም። ሁዳዴ አልፎ ፋሲካ ስለመጣ ነው። በየዓመቱ የሚመላለስ ከፍታና ዝቅታ ካለ እኔ ሁሌም 12 ወር ነው የምወስደው። ያኔ እያንዳንዱ አማካይ ጾሙንም ፍስኩንም ስለሚይዝ የሚቀረው እውነተኛው አዝማሚያ ነው። ለዝናብም ያው፣ ክረምትና በጋ ይቻቻላሉ።

በኤክሴል ቁጥሮቹ ከB2 ጀምረው ወደ ታች ከተደረደሩ C13 ላይ ይህን ጽፋችሁ ወደ ታች ጎትቱት፦

```
=AVERAGE(B2:B13)
```

ጳጉሜን ለብቻዋ እንዳትመዘግቧት፣ ነሐሴ ላይ ደምሯት። አለበለዚያ 12 መስመር ዓመት አይሞላም፤ የ5 ቀን ሽያጭም እንደ ሙሉ ወር ተቆጥሮ አማካዩን ቁልቁል ይጎትተዋል።

አንድ ጉድለት አለው፦ የ12 ወር አማካይ ወደ ስድስት ወር ገደማ ይዘገያል። ሽያጩ ዘንድሮ መውረድ ከጀመረ ቶሎ አይነግራችሁም። ለዚያ ይህን ወር ካምናው ተመሳሳይ ወር ጋር አስተያዩ፤ ፋሲካ ግን በሁለቱም ዓመት እዚያው ወር ላይ መዋሉን አረጋግጡ።