3 ነው ወይስ 8? የደበዘዘ ፋክስና የኮፒ ኮፒ ላይ ቁጥር ማንበብ

ከቡሬ መጋዘን የማዳበሪያ ማከፋፈያ ሰነድ ወጣ እንበል። ዞን ላይ ፎቶ ኮፒ ተደረገ። ኮፒው በፋክስ ወረዳ ገባ። ወረዳው ደግሞ የፋክሱን ወረቀት አባዝቶ ለየማህበራቱ በተነ። የመጨረሻው ወረቀት የማህበሩ ንብረት ክፍል ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ፊደሉ እንደምንም ይነበባል። ቁጥሩ ግን ግራ ያጋባል። 3 ይሁን 8፣ 8 ይሁን 0 መለየት ያቅታል።

ፊደል ቢደበዝዝ ከዓረፍተ ነገሩ ተነስተን እንሞላዋለን። ቁጥር ላይ ይህ የለም። 332 ከረጢትም 382 ከረጢትም ለማንበብ እኩል ያምራሉ። ልዩነቱ ግን 50 ከረጢት ነው፤ በወረቀት አለ ተብሎ መጋዘን ውስጥ የሌለ ማዳበሪያ ማለት ነው። ከማዳበሪያው ጋር ደግሞ የሚጠብቁት ገበሬዎች አሉ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲገጥማችሁ ከመገመታችሁ በፊት የሚከተሉትን ሞክሩ።

መጀመሪያ ውስጡን ሳይሆን ጠርዙን እዩ

ብዙ ሰው ቁጥሩ መሃል ያለውን ቀዳዳ ይፈልጋል። በተባዛ ወረቀት ላይ ግን ቀድሞ የሚጠፋው ቀዳዳው ነው። ቶነሩ ይሞላዋል። ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆየው የውጭ ጠርዙ ነው።

ቀኝ ጎኑን በቁመቱ መሃል ላይ ተመልከቱ። ወደ ውስጥ ገባ ያለ ወገብ ካለው 3 ወይም 8 ነው። ወገብ ከሌለውና ጎኑ ወጣ ብሎ ለስላሳ ከሆነ 0 ነው። ቀጥሎ ወደ ግራ ጎኑ ሂዱ። 8 በግራም እንደ ቀኙ አንድ ትንሽ ወገብ አለው። 3 ግን በግራው ክፍት ነው፤ ከላይና ከታች ሁለት ጫፎች ወጣ ብለው ይታያሉ፣ በመሃላቸው ሰፋ ያለ ጉድጓድ አለ። ጉድጓዱ በቀለም ቢሞላ እንኳ ጫፎቹ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ቀርተው ይገኛሉ።

ይህን በባዶ ዓይን ከማየት ይልቅ በስልካችሁ ካሜራ አጉልታችሁ፣ ወረቀቱን መስኮት አጠገብ አድርጋችሁ እዩት። ከዚያ በዚያው ገጽ ላይ የማያጠራጥር 3 እና የማያጠራጥር 8 ፈልጉ። የተራ ቁጥር፣ የገጽ ቁጥር፣ ዓመተ ምህረት፣ የትም ሊሆን ይችላል። ፊደሉና መጠኑ አንድ ዓይነት ከሆነ ናሙናችሁ እሱ ነው። የምትጠራጠሩትን ቁጥር ጎን ለጎን አነጻጽሩት።

ሁሉም ቁጥር 8 መሰለ

ወረቀቱ ጠቁሯል፣ የፊደሎቹ ሆድ ተደፍኗል፣ 3 እና 6 እና 0 ሁሉም 8 መስለዋል። ምክንያቱ ኮፒው በጣም ጠቁሮ መነሳቱ ነው። በእያንዳንዱ ኮፒ ላይ ቶነሩ ከመስመሩ ጠርዝ ትንሽ ወጣ ይላል። አንዴ ቢሆን አይታወቅም። የኮፒ ኮፒ ሲሆን ግን ይደማመራል፤ የ3 ግራ ጎን ይዘጋል፣ የ0 ቀዳዳም ይጠባል።

እጃችሁ ላይ ያለውን ወረቀት አቅልሎ ማንሳት የተዘጋውን አይከፍትም። የጠፋው ጠፍቷል። ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል፤ ወረዳው ፋክሱን ከያዘ ከፋክሱ፣ ዞኑ የመጀመሪያውን ኮፒ ከያዘ ከሱ። እዚያ ስትደርሱ የኮፒ ቤቱን ልጅ የጥቁረቱን መጠን በአንድ ደረጃ እንዲቀንስ፣ ከኤ4 ወደ ኤ3 እንዲያሳድገውም (በማሽኑ ላይ 141 በመቶ ነው) ጠይቁት። ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳውም ያድጋል፤ የቶነሩ መፍሰስ ግን ያው ነው። ከዚያ በኋላ ቢባዛ እንኳ ቶሎ አይደፈንም።

ቁጥሮቹ ሳስተው ተቆራረጡ

እዚህ ችግሩ ተቃራኒ ነው። ወረቀቱ ነጥቷል። 8 ግራ ጎኑን አጥቶ 3 መስሏል፣ ወይም የመሃል መስመሩን አጥቶ 0 መስሏል። አንዱ ምክንያት ቶነር ያለቀበት ወይም በጣም አቅልሎ የሚያነሳ ማሽን ነው። ትልቁ ግን ፋክሱ ነው።

ፋክስ በተራው ጥራት ሲልክ በአንድ ሚሊሜትር ቁመት ውስጥ ወደ 4 የሚጠጉ መስመሮችን ብቻ ያነባል። እያንዳንዱም ነጥብ ወይ ጥቁር ወይ ነጭ ነው፤ ግራጫ የሚባል የለም። በሰንጠረዥ ውስጥ ያለ ትንሽ ቁጥር ቁመቱ 2 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ለአንድ ቁጥር 8 መስመር ገደማ ይደርሰዋል ማለት ነው። 8ን ለመሳል ደግሞ የላይ መስመር፣ ቀዳዳ፣ የመሃል መስመር፣ ቀዳዳ፣ የታች መስመር ያስፈልጋል። አምስት ነገር በ8 መስመር! የመሃሉ ቀጭን መስመር በሁለት ንባቦች መካከል ከወደቀ ይጠፋል፣ 8ም 0 ይሆናል።

መፍትሄው ላኪው ዘንድ ነው። ማሽኑ ላይ ‹ፋይን› የሚል ምርጫ አለ። እሱን ሲመርጡ በሚሊሜትር ወደ 8 መስመር ይሆናል፣ በቁመት እጥፍ ማለት ነው። መላኩ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል። ሰንጠረዥ ሲላክ ግን ያ ጊዜ መሰጠት አለበት። ደውላችሁ ‹እባካችሁ በፋይን ድገሙልኝ› በሉ። ከኦርጅናሉ በቴሌግራም ፎቶ የሚላክላችሁም ከሆነ እንደ ተራ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ። ተራው ፎቶ ተጨምቆ ስለሚመጣ ትንንሽ ቁጥሮችን መልሶ ያደበዝዛል።

አንድ ዓምድ ብቻ ተበላሸ

የሌላው ዓምድ 3 ደህና ነው። የአንዱ ዓምድ 3 ግን ከላይ እስከ ታች 8 ሆኗል። ከሰንጠረዡ በላይ ባለው ባዶ ቦታ ቁልቁል የሚወርድ ቀጭን መስመር ካያችሁ ነገሩ ተገኘ። ወረቀት እየሳበ የሚያነብ ማሽን ጠባብ መስታወት ላይ አንዲት ቆሻሻ ወይም የደረቀ ፍሉድ ጠብታ ተጣብቃለች። ወረቀቱ በላይዋ ሲያልፍ ነጥቧ መስመር ትሆናለች፣ የ3ን ግራ ጎን ትዘጋለች። መስታወቱ በለስላሳ ጨርቅ ይጠረግና እንደገና ይነሳ።

ኦርጅናሉ ካልተገኘ፦ ሂሳቡን አናግሩት

የተሻለ ቅጂ የማይገኝበት ጊዜ አለ። እንዲያም ሆኖ ሰንጠረዥ ራሱን ይመሰክራል። ምሳሌ እንውሰድ። አራት ማህበራት የወሰዱት የዩሪያ ከረጢት እንዲህ ይነበባል እንበል።

አንደኛው 246፣ ሁለተኛው 332 የሚመስል፣ ሦስተኛው 174፣ አራተኛው 415። ድምሩ 1217 ተብሎ ጥርት ብሎ ይታያል።

እኛ እንዳነበብነው ብንደምረው 1167 ይመጣል። 50 ጎደለ። ይህ 50 ዝም ብሎ የመጣ ቁጥር አይደለም። 3 እና 8 ሲቀያየሩ ልዩነቱ ሁልጊዜ 5 ነው፤ በአሃድ ቤት 5፣ በአስር ቤት 50፣ በመቶ ቤት 500። 3 እና 0 ሲቀያየሩ 3፣ 30 ወይም 300 ይሆናል። 0 እና 8 ሲቀያየሩ 8፣ 80 ወይም 800። ስለዚህ የጎደለው 50 የሚነግረን የአስር ቤት ላይ ያለ 8 በ3 መነበቡን ነው። በአስር ቤት 3 ያለው ሁለተኛው ረድፍ ብቻ ነው። ስለዚህ 332 ሳይሆን 382 ነው።

እዚህ ላይ አትቁሙ። ሁለት ስህተቶች ሊጣፉ ይችላሉ። አንድ ረድፍ ላይ 3ን 8 ብለን፣ ሌላው ላይ 8ን 3 ብለን ብናነብ ድምሩ ልክ ይመጣል፣ ሁለቱም ረድፎች ግን ስህተት ናቸው። የ30 ልዩነትም እንዲሁ ከአንድ 3 እና 0 መቀያየር ብቻ ላይመጣ ይችላል፤ በአንድ በኩል 80 ጎድሎ በሌላ በኩል 50 ቢተርፍም 30 ነው። ስለዚህ በየረድፉ ሁለተኛ ምስክር ፈልጉ።

ማዳበሪያ ላይ ይህ ቀላል ነው። አንዱ ከረጢት 50 ኪሎ ነው፤ ሁለቱ አንድ ኩንታል። በዚያው ረድፍ የኩንታል ዓምድ ካለ የከረጢቱ ግማሽ መሆን አለበት። 382 ከሆነ 191 ኩንታል፣ 332 ከሆነ 166፣ 302 ከሆነ 151። ሦስቱ በምንም አይመሳሰሉም። በኩንታል ዓምድ 191 ካነበባችሁ ነገሩ አለቀ። ለዚህ ነው ሰንጠረዥ የሚያዘጋጅ ሰው ኩንታሉንም ከረጢቱንም እንዲጽፍ አጥብቄ የምለምነው። አንዱ ቢደበዝዝ ሌላው ያወጣዋል። ብዛቱ በፊደልም ቢጻፍ ደግሞ የበለጠ ነው፤ ‹ሦስት መቶ ሰማንያ ሁለት› የሚለውን ፋክስ በቀላሉ አያበላሸውም።

ቀኑም ይመረመራል። የወሩ ቦታ ላይ 03 ወይም 08 ካጠራጠራችሁ አንዱ ኅዳር፣ ሌላው ሚያዝያ ነው። ለክረምት እርሻ የሚታደል ማዳበሪያ ከሆነ ሚያዝያው ያስኬዳል። ይህ ግን ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ የመስኖ ማዳበሪያ ሌላ ጊዜ ሊወጣ ይችላል።

ጥርት ብሎ የተሳሳተ

ይህ ከሁሉም ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም በዓይን አይታይም። በ2013 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዴቪድ ክሪዝል የተባለ ጀርመናዊ የኮምፒውተር ባለሙያ አንዳንድ የዜሮክስ ማሽኖች ስካን ሲያደርጉ ቁጥር እንደሚቀይሩ አሳየ። 6 የነበረው 8 ሆኖ ይወጣ ነበር፣ ያውም ምንም ሳይደበዝዝ። ማሽኑ ፋይሉን ለማሳነስ ሲል የሚመሳሰሉ ቅርጾችን አንድ አድርጎ ይቆጥራል፤ በአንዱ ቦታ የሌላውን ምስል ይለጥፋል። ኩባንያው በኋላ ማስተካከያ አውጥቷል።

ስለዚህ ስካን የተደረገ ሰነድ ስለጠራ ብቻ አትመኑት። ድምሩን ደምሩ። ካልገጠመ ፋይሉ ሳይጨመቅ፣ በከፍተኛ ጥራት እንደገና ስካን ይደረግ፤ ከወረቀቱም ጋር ይተያይ።

ሂሳብ የማይደርስበት ቁጥር

የስልክ ቁጥር፣ የመኪና ታርጋ፣ የባንክ ሂሳብ ቁጥር ድምር የላቸውም። እዚህ ጠርዙን አይታችሁ 8 ቢመስላችሁ እንኳ በዚያ ብቻ ገንዘብ አታስገቡ፣ መኪና አትጫኑ። መደወል ነው ያለው።

ስትደውሉ ‹ጋሼ፣ 382 ነው አይደል?› አትበሉ። ሥራ የበዛበት ሰው ‹አዎ› ብሎ ያልፋል። ይልቅ ‹ጋሼ፣ ኦርጅናሉን አውጥተው ሁለተኛውን ረድፍ አንድ በአንድ ያንብቡልኝ› በሉ። ‹ሦስት፣ ስምንት፣ ሁለት› ይበሉ፤ እናንተም መልሳችሁ አንብቡላቸው። መስመሩ ከተንጫጫ ሠላሳና ሰማንያም ይምታታሉ፤ አንድ በአንድ መባሉ ለዚህ ነው።

መልሱን ስታገኙ የደበዘዘውን ቁጥር በእስክሪብቶ አታድምቁት። ካደመቃችሁት ቀጥሎ የሚያየው ሰው የታተመውንና የእናንተን መለየት አይችልም። ጎኑ ላይ ‹382፣ ከኦርጅናሉ በስልክ የተነበበ› ብላችሁ ቀኑን፣ ያነበበላችሁን ሰው ስምና ፊርማችሁን አኑሩ። ማንም ኦርጅናሉን ማግኘት ካልቻለና ሂሳቡም ካልፈታው ሁለቱንም ጻፉ፦ ‹332 ወይም 382፣ አልተለየም›። ከረጢቱ ገና ካልተራገፈ በቆጠራ ይለያል።