ችግርና መፍትሄ፦ ኦፍላይን የትእዛዝ ማስተካከያው ለምን ይወገድ?

ለቲም ሊዳችን። አንድ ገጽ ብቻ ነው።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ሾፌሮች ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ሆነው የትእዛዝ ብዛት የሚቀይሩበትን ፊቸር ከአፑ እናስወግደው። እንጠግነው አላልኩም። ጠግነነዋል፣ ተመልሶ መጥቷል።

ምልክቱ

ገላን ካለው መጋዘን ለስላሳ ጭኖ የወጣ ሾፌር ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ስር ላለ ሱቅ ያራግፋል። ብዛቱን ስልኩ ላይ ያስተካክላል፣ መለስ ብሎ ያያል፣ ትክክል ነው። ትንሽ ቆይቶ ኔትወርክ ሲመጣ ቁጥሩ ማንም ሳይነካው ይቀየራል። ስልኩ ላይ የስህተት መልእክት የለም፣ ሰርቨሩ ሎግ ላይም ምንም የለም። ማታ ሂሳብ ሲዘጋ ጉድለት ይወጣና ሾፌሩ ላይ ይጻፋል።

ይህ ቅሬታ በመጣ ቁጥር «ኔትወርክ ነው» እያልን እንዘጋዋለን። ኔትወርክ ቢሆን ኖሮ በዚያ መስመር የሚሄደውን ሾፌር ሁሉ ይነካ ነበር። የሚደጋገመው ግን እነዚያው ስልኮች ላይ ነው።

ምክንያቱ

ሁለት ሰው አንድን ትእዛዝ ሲቀይር ሰርቨሩ የኋለኛውን ይይዛል፣ የፊተኛውን ይጥላል። የቱ የኋለኛ እንደሆነ የሚያውቀው ደግሞ ስልኩ ከላከው ሰዓት ነው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ስልኩን በእኛ አቆጣጠር ነው የሚሞላው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ስልኩ 2፡00 እንዲል ይፈልጋል፣ 8፡00 ማየት አይፈልግም። ልክ ነው። ችግሩ የኛ ኮድ ነው።

አንድ ትእዛዝ እንከተል። ሱቁ 24 ሳጥን አዟል። ከጠዋቱ 3፡40 ላይ ስቶር ኪፐሯ እቃ ስላነሰ 20 ታደርገዋለች። የሷ ስልክ ሰዓቱን ከኔትወርክ ስለሚወስድ 09:40 ብሎ ይልካል። 5፡15 ላይ ሾፌሩ ሱቁ ይደርሳል፤ ባለሱቁ 18 ብቻ ይበቃኛል ይላል፣ ሾፌሩም 18 ብሎ ያስተካክላል። የሾፌሩ ስልክ ግን በእጅ የተሞላ ነውና 05:15 ብሎ ይልካል። ሰርቨሩ ሁለቱን ያወዳድራል፤ 09:40 ከ05:15 ይበልጣል፤ ስለዚህ የሾፌሩን ይጥልና 20 ብሎ ይመልስለታል። ሁለቱ ሳጥን መኪናው ላይ አለ፣ ሲስተሙ ግን ተሽጧል ይላል። ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

ተቃራኒውም አለ፣ እሱ ይብሳል። ሾፌሩ ሰዓቱን ሲሞላ ጠዋትና ማታውን ካላስተዋለ ያው 5፡15 የሚለው ስልክ 17:15 ብሎ ይልካል። ያኔ መጋዘኑ እስከ ከቀኑ 11፡15 ድረስ በዚያ ትእዛዝ ላይ የሚያደርገው ለውጥ ሁሉ ይሸነፋል። ስቶር ኪፐሯ «አስተካክዬ ነበር እኮ» ስትል የነበረው እውነቷን ነው።

ሌላም አለ። አንዳንዱ ሰዓቱን አይነካም፤ የሰዓት ቀጠናውን ነው ወደ ቦነስ አይረስ የሚቀይረው፣ እሷ ከኛ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ስለሆነች። ያ ስልክ የሚያሳየው የእኛን ሰዓት ቢሆንም ከውስጥ የሚልከው ጊዜ ትክክል ነው። ሁለት ሾፌሮች ጎን ለጎን ቆመው ሁለቱም ስልክ 5፡15 ቢል አንዱ ጤነኛ፣ አንዱ በሽተኛ ሊሆን ይችላል። አይቶ መለየት አይቻልም። ቢሮ ሆነን ስንሞክረው «እኔ ጋ ይሰራል» የምንለውም ለዚህ ነው፤ የኛ ስልኮች ሰዓት ከኔትወርክ ነው።

እንዴት እናረጋግጥ?

ይህን ጥያቄ ዳታቤዙ ላይ አስኪደው፦

```sql
SELECT device_id,
       MIN(received_at - client_updated_at) AS gap
FROM order_edits
WHERE received_at > now() - interval '7 days'
GROUP BY device_id
ORDER BY gap;
```

አማካይ ሳይሆን ትንሹን ልዩነት የወሰድኩት አውቄ ነው። ኦፍላይን የቆየ ለውጥ ዘግይቶ ስለሚደርስ አማካዩ ጤነኛውንም ስልክ በሽተኛ ያስመስለዋል። ትንሹ ግን ኔትወርክ እያለ የተላከውን ያሳያል። ጤነኛ ስልክ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ከስድስት ሰዓት በታች የማይወርድ ካየህ ያ ወደኋላ የተሞላ ነው፣ ምንም እንኳ ሳምንቱን ሙሉ ለውጡን ሁሉ ኦፍላይን አድርጎ ዘግይቶ የላከ ስልክም እንዲህ ሊመስል ቢችልም። ወደ ስድስት ሰዓት የሚጠጋ ኔጌቲቭ ከሆነ ደግሞ ወደፊት የተሞላ ነው፤ እዚህ ላይ ጥርጥር የለም፣ ለውጥ ከመደረጉ በፊት ሊደርስ አይችልምና። ሁሉም ወደ ዜሮ የተጠጋ ከሆነ ተሳስቻለሁ ማለት ነው፣ ማስታወሻውን ጣለው።

ለምን አንጠግነውም?

«ሰዓታችሁን አስተካክሉ» የሚል ማሳሰቢያ አስገብተን አይተናል። ሰውዬው ለአፑ ሲል ያስተካክላል፣ በማግስቱ ይመልሰዋል። ሰዓቱ ለአፑ ብቻ አይደለማ።

ሁለተኛው ጥገና ልዩነቱን ሲንክ ሲደረግ ለክቶ ማካካስ ነበር። ይህ የሚሰራው ለውጡ በተጻፈበትና በተላከበት መሃል ሰዓቱ ካልተነካ ነው። ከተነካ ትክክሉን ራሱ ያበላሸዋል። `SystemClock.elapsedRealtime()` ሰዓት ሲቀየር አይናወጥም ብለህ ይሆናል፤ እውነት ነው፣ ግን ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ ከዜሮ ይጀምራል። ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ የሚውል ስልክ ደግሞ ባትሪው ያልቃል።

ሰዓቱ ፍጹም ቢሆን እንኳ ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ነው። ስቶር ኪፐሯ የጻፈችው «ይህን ያህል ጫንኩ» ነው። ሾፌሩ የጻፈው «ይህን ያህል አራገፍኩ» ነው። ሁለቱም እውነት ነው። እኛ ግን ሁለቱን እንደ አንድ ቁጥር ቆጥረን አንዱን እንጥላለን።

መፍትሄው

ትእዛዙ የመጋዘኑ ይሁን፤ የሚቀየረው ኔትወርክ ባለበት ብቻ። ሾፌሩ ትእዛዙን አይነካም፤ በምትኩ ለየብቻው የሚቀመጥ «ርክክብ» ይጽፋል፣ እሱ ኦፍላይንም ይሰራል። አዲስ ይጨመራል እንጂ በነበረው ላይ አይጻፍም። ስልኩ ለእያንዳንዱ ርክክብ ዩዩአይዲ ይስጠው፣ ኔትወርክ ተቆራርጦ ሁለት ጊዜ ቢላክ ሰርቨሩ አንዴ ብቻ እንዲይዘው። የስልኩን ሰዓት እናስቀምጠው፣ ግን ለማየት ብቻ እንጂ ለመወሰን አይሁን። ከላይ ባለው ምሳሌ 20 ተጭኗል፣ 18 ተራግፏል፣ 2 ተመላሽ ነው። ጉድለት የለም።

የሚጎዳ አለ ወይ? አለ። ባለሱቁ «አምስት ጨምርልኝ» ቢል ሾፌሩ ትእዛዙን ራሱ ማሳደግ አይችልም፤ መጋዘን መደወል አለበት። ዛሬም ቢሆን አብዛኛው ይደውላል፣ ቢሆንም ቅር የሚለው ይኖራል።

አካሄዱ ላይ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። መጀመሪያ ሰርቨሩ ርክክብ መቀበል ይጀምር፣ ከዚያ አዲሱ አፕ ይውጣ። አፑን ሳያሳድሱ የሚቆዩ ስልኮች አሉና የድሮውን መንገድ ወዲያው አንዝጋው፤ በሱ የሚመጣ ለውጥ ትእዛዙን ሳይነካ ለብቻው ቴብል ውስጥ ይቀመጥና ሰው ይየው። እዚያ ቴብል ውስጥ አዲስ ነገር መግባት ሲያቆም ኮዱን እንሰርዘዋለን። እሺ ካልክ የሰርቨሩን ክፍል እኔ እጀምራለሁ።