ከአዲስ አበባ እስከ ስቶክሆልም፦ ስለ ቀን ርዝመትና ስለ ሌሊት ሰማይ የሚሠሩ ስህተቶች

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ትገኛለች፤ ስቶክሆልም 59 ዲግሪ ላይ። በሁለቱ መካከል ያለው የ50 ዲግሪ ርቀት ፀሐይንም ከዋክብትንም በተለያየ መንገድ ያስኬዳቸዋል። አብዛኛው ስህተት የሚመጣው በአንዱ ቦታ የለመዱትን ሰማይ ወደ ሌላው ይዞ ከመሄድ ነው።

1. «በእኛ አገር ቀኑና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል ነው» ማለት

ለእውነት የቀረበ ስለሆነ ይህ ስህተት ዕድሜው ረጅም ነው። በአዲስ አበባ ረጅሙ ቀን ሰኔ 14 ገደማ ሲሆን ወደ 12 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ይደርሳል። አጭሩ ደግሞ ታኅሣሥ 12 ገደማ 11 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ነው። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ያህል ቢሆንም በስድስት ወር ተበትኖ ስለሚመጣ ማንም ልብ አይለውም፤ ለውጡ ፈጣን በሚሆንበት በመጋቢት እንኳ ቀኑ በየዕለቱ የሚረዝመው በግማሽ ደቂቃ ነው። በስቶክሆልም በዚያው ሳምንት በየዕለቱ ከአምስት ደቂቃ በላይ ይጨምራል። እዚያ ረጅሙ ቀን 18 ሰዓት ተኩል ያልፋል፤ አጭሩ ስድስት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

በምድር ወገብ ላይ በትክክል የቆመ ሰውም ቢሆን 12 ሰዓት እኩል አያገኝም። ቀኑ ከ12 ሰዓት በሰባት ደቂቃ ገደማ ይበልጣል። ከባቢ አየሩ ብርሃንን ስለሚያጎብጥ ፀሐይ ከአድማስ በታች ሆና ሳለ ትታያለች። በዚያ ላይ ቀን የሚቆጠረው የፀሐይዋ የላይኛው ጠርዝ ብቅ ካለበት ጀምሮ ያው ጠርዝ እስኪሰወር ድረስ ነው።

2. አጭሩ ቀን ፀሐይ ቀድማ የምትጠልቅበት ቀን ነው ብሎ ማሰብ

ብዙ የተማሩ ሰዎችም የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በአዲስ አበባ ፀሐይ በጣም ቀድማ የምትጠልቀው በኅዳር የመጀመሪያ ሳምንት፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ገደማ ነው። በጣም ዘግይታ የምትወጣው ደግሞ ጥር 20 አካባቢ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ46 ገደማ ነው። አጭሩ ቀን የሚውለው በእነዚህ መካከል ነው። በዚያን ዕለት ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ከ11 ላይ ነው፤ ከኅዳሩ አሥር ደቂቃ ዘግይታ ማለት ነው።

ምክንያቱ የፀሐይ እኩለ ቀን በሰዓታችን ላይ አንድ ቦታ አለመርጋቱ ነው። የምድር ዘንግ ዘንበል ያለ ነው፤ ምኅዋሯም ፍጹም ክብ ባለመሆኑ በታኅሣሥ መጨረሻ ወደ ፀሐይ ቀርባ ትፈጥናለች። ስለዚህ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት መጀመሪያ ድረስ ፀሐይ ከፍተኛ ቦታዋ ላይ የምትደርስበት ሰዓት ቀስ እያለ በጠቅላላው ግማሽ ሰዓት ያህል ይዘገያል። መውጫዋም መጥለቂያዋም አብረው ይጎተታሉ። በአዲስ አበባ የቀኑ ማጠር ትንሽ ስለሆነ ይህ መዘግየት ያሸንፈዋል። ለዚህ ነው ለገና ሌሊቱ ማጠር ከጀመረ ከሁለት ሳምንት በኋላም ጠዋቱ ከቀድሞው ይበልጥ የሚጨልመው። በስቶክሆልም የቀኑ ርዝመት የሚለዋወጠው በብዙ ስለሆነ መዘግየቱ ይዋጣል፤ እዚያ ፀሐይ ቀድማ የምትጠልቅበት ዕለት ከአጭሩ ቀን የሚርቀው በአንድ ሳምንት ገደማ ብቻ ነው።

3. ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ሁልጊዜ በደቡብ ናት ብሎ አቅጣጫ መፈለግ

በአውሮፓ የተጻፈ የጉዞ መመሪያ እንዲህ ይላል፤ ለስቶክሆልምም ትክክል ነው። እዚያ የእኩለ ቀን ጥላ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሰሜን ይወድቃል። በታኅሣሥ ፀሐይዋ ከአድማስ ከፍ የምትለው በ7 ዲግሪ ብቻ ነው፤ አንድ መካከለኛ ሕንፃ ቀኑን ሙሉ ሊሸፍናት ይበቃል።

አዲስ አበባ ላይ ግን መመሪያው በዓመት ከአራት ወር በላይ ይዋሻል። ፀሐይ ሚያዝያ 5 ገደማ በትክክል ከአናት በላይ ታልፍና ወደ ሰሜን ትሻገራለች፤ እስከ ነሐሴ 23 ገደማም በዚያው ትቆያለች። በዚህ ጊዜ የእኩለ ቀን ጥላ የሚወድቀው ወደ ደቡብ ነው። ሰኔ 14 ቀን ፀሐይ ከአናታችን በላይ ናት የሚለውም ስህተት ነው፤ ያን ዕለት ከአናት 14 ዲግሪ ወደ ሰሜን ያጋደለች ናት። መሞከር የፈለገ ቀጥ ያለ እንጨት ይትከል። ነገር ግን 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን 6 ሰዓት ከ25 ገደማ ላይ ይመልከት፤ ሰዓታችን የተቆረጠው ከከተማዋ በስተምሥራቅ ባለ መስመር ነውና።

4. ረጅም ሌሊት ያለው አገር ብዙ ከዋክብት ያሳያል ብሎ መገመት

የስቶክሆልም የታኅሣሥ ሌሊት 18 ሰዓት ገደማ ነው። ሆኖም ተመልካቹ ሌሊቱን ሙሉ ቢቆምም የደቡብ መስቀል የሚባሉትን ከዋክብት አያይም። የምድር ክብነት ከሰማይ ወገብ፣ ማለትም ልክ ከምድር ወገብ አናት ላይ ከሚያልፈው የሰማይ መስመር፣ በስተደቡብ ከ31 ዲግሪ በታች ያለውን ሁሉ ይጋርድበታል። ያን የሚወስነው የቆመበት ቦታ ነው፤ የሌሊቱ ርዝመት አይረዳውም።

ከአዲስ አበባ ግን ሰማዩ ሁሉ ማለት ይቻላል በዓመቱ ውስጥ ተራ በተራ ያልፋል። የደቡብ መስቀልን ለማየት በግንቦት አጋማሽ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ፊትን ወደ ደቡብ ማዞር ነው። ከአድማስ 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ቆሞ ይገኛል፤ ክንድን ዘርግቶ ሁለት ጭብጥ ቢደራርቡ ያን ያህል ይመጣል። የሚያስቸግረው ደመናና የከተማው መብራት ነው።

ለዚህ ሰፊ እይታ የምንከፍለው ዋጋ የሰሜን ኮከብ ነው። የዚህ ኮከብ ከፍታ ከተመልካቹ ኬክሮስ ጋር እኩል ስለሆነ በስቶክሆልም 59 ዲግሪ ላይ፣ በእኛ ዘንድ 9 ዲግሪ ላይ ብቻ ነው። ከእንጦጦ ሥር የቆመ ሰው ተራራው ሊጋርደው ይችላል። በስቶክሆልም ሰባቱ የትልቁ ድብ ከዋክብት ፈጽሞ አይጠልቁም፤ እዚህ ይወጣሉ፣ ይጠልቃሉ። ስለዚህ ለሰሜን አውሮፓ የታተመ የኮከብ ካርታ ይዞ አዲስ አበባ ላይ መፈለግ ድካም ነው፤ ካርታ ሲገዙ የተሠራበትን ኬክሮስ ማየት፣ የስልክ መተግበሪያም ከሆነ የቦታ ምርጫውን ማስተካከል ያስፈልጋል። ጨረቃንም ካርታው ላይ እንደተሣለችው ቆማ አትጠብቁ፤ እኛ ዘንድ ቀጭኗ ጨረቃ ብዙ ጊዜ ጀርባዋ ላይ ተኝታ ነው የምትታየው።

5. ፀሐይ ከጠለቀች ጨለማ ነው ማለት

በአዲስ አበባ ፀሐይ ወደ አድማስ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ድንግዝግዙ አጭር ነው፤ ከአንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ በኋላ ሙሉ ጨለማ ይሆናል። በስቶክሆልም ግን ፀሐይ የምትጠልቀው አግድም ተንሸራትታ ነው። በሰኔ እኩለ ሌሊት ላይ ከአድማስ በታች የምትወርደው 7 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ለሙሉ ጨለማ ግን 18 ዲግሪ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ እዚያ ሙሉ ጨለማ የለም። በሰኔ ደማቆቹ ጥቂት ከዋክብት ብቻ ይታያሉ፤ ፍኖተ ሐሊብ ጭራሽ አይታይም።

በሰኔና በሐምሌ እኛም በክረምት ደመና ምክንያት አናየውም። ደመናው በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ሲገፈፍ ግን ከከተማ ወጣ ብሎ ጨረቃ በሌለችበት ምሽት ወደ ደቡብ ምዕራብ የተመለከተ ሰው የፍኖተ ሐሊብን እጅግ ደማቅ ክፍል ያገኛል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ጥሩ ነው፤ በጣም ከዘገዩ ይጠልቃል።