የግልና የድርጅት አካውንት ሲደባለቁ፦ ትንንሽ ድርጅቶች በፋይሎቻቸው ላይ የሚፈጽሟቸው ስህተቶች

በጉግል ድራይቭ ላይ ስላለ ማንኛውም የሥራ ፋይል ሁለት ጥያቄዎች ይነሳሉ። ማን ሊያየው ይችላል? የማንስ ነው? የመጀመሪያው በየቀኑ ይጠየቃል። ሁለተኛው የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ሠራተኛ ሥራ ከለቀቀ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ መልሱን መቀየር አስቸጋሪ ይሆናል።

የተጋራ ፎልደር የድርጅቱ ንብረት ነው ብሎ ማመን

ስምንት ሠራተኞች ያሉትን አንድ የግንባታ ዕቃ አቅራቢ ድርጅት እናስብ። የሂሳብ ሠራተኛዋ በግል ጂሜይሏ «ሂሳብ» የሚል ፎልደር ከፍታ ለሥራ አስኪያጁና ለሽያጭ ሠራተኛው የማረም ፈቃድ ሰጥታቸዋለች። የደመወዝ ሰንጠረዡን የሠራችው እርሷ ናት። የዋጋ ማቅረቢያዎቹን የሚያዘጋጀው የሽያጭ ሠራተኛው ሲሆን፣ እርሱም የሚጠቀመው በግል አካውንቱ ነው። ሦስቱም ሁሉንም ማየት ስለሚችሉ ፎልደሩ የድርጅቱ ይመስላቸዋል። ድራይቭ ግን ፋይሉን በባለቤትነት የሚመዘግበው በፈጠረው ሰው ስም ነው፤ ፋይሉ የተቀመጠው በሌላ ሰው ፎልደር ውስጥ መሆኑ ይህን አይለውጠውም።

ሠራተኛዋ ሥራ ለቀቀች እንበል። በግል አካውንት የሚሰጠው ነፃ ቦታ ለጂሜይል፣ ለድራይቭና ለፎቶ በጋራ 15 ጊጋባይት ብቻ ነው። አንድ ቀን የስልኳ ፎቶዎች ቦታውን ይሞሉትና የድሮ ሥራዋን ፎልደር ትሰርዛለች። ክፋት የለበትም፤ የገዛ አካውንቷን እያጸዳች ነው። የደመወዝ ሰንጠረዡ መጣያ ውስጥ 30 ቀን ይቆያል። በዚህ ጊዜ ባልደረቦቿ አሁንም ሊከፍቱት ስለሚችሉ አደጋው ላይታያቸው ይችላል። ቀኑ ሲያልፍ፣ ወይም እርሷ መጣያውን ቀድማ ባዶ ስታደርገው፣ ሰንጠረዡ ከሁሉም ዘንድ ይጠፋል። የዋጋ ማቅረቢያዎቹ ንብረትነታቸው የሽያጭ ሠራተኛው ስለሆነ አይጠፉም፤ ነገር ግን የነበሩበት ፎልደር ስለሌለ በቀላሉ አይገኙም። ሥራ አስኪያጁ የሚያየው ግማሹ የጠፋ፣ ግማሹ የተበተነ መዝገብ ነው።

ፋይሉ የድርጅት አካውንት ንብረት ቢሆን ኖሮ የድርጅቱን አካውንቶች የሚቆጣጠረው አስተዳዳሪ መጣያው ባዶ ከተደረገ በኋላም እስከ 25 ቀን ድረስ መመለስ ይችል ነበር። በሰው የግል አካውንት ላይ ግን ድርጅቱ ምንም ሥልጣን የለውም። ያለው አማራጭ የቀድሞዋን ሠራተኛ ደውሎ መለመን ብቻ ነው።

ሁኔታውን አስቀድሞ ማጣራት ይቻላል። በድራይቭ የፋይሎች ዝርዝር ላይ Owner የሚለውን ዓምድ መመልከት በቂ ነው። የአንድን ሰው ፋይሎች በሙሉ ለማየት ደግሞ የዚያን ሰው አድራሻ በፍለጋ ሳጥኑ ውስጥ እንዲህ አድርጎ መጻፍ ነው፦

```
owner:user@example.com
```

በሥራ ኢሜይል የተከፈተ ሁሉ የድርጅት አካውንት ነው ማለት

ጉግል ላይ አካውንት ለመክፈት የጂሜይል አድራሻ የግድ አይደለም። አንድ ሠራተኛ በድርጅቱ ስም በተመዘገበ ኢሜይል ራሱ አካውንት ከፍቶ ሊሆን ይችላል። አድራሻው የድርጅቱን ስም ቢይዝም አካውንቱ የግል ነው፤ አስተዳዳሪ የሚባል ሰውም የለውም። ችግሩ ጎልቶ የሚወጣው ድርጅቱ በኋላ ለድርጅቶች የሚሸጠውን የጉግል አገልግሎት፣ ጉግል ወርክስፔስን፣ ገዝቶ በዚያው አድራሻ አካውንት ሲፈጥር ነው። ሁለቱ ይጋጫሉ፤ የድሮው አድራሻውን እንዲለውጥ ይገደዳል፣ ፋይሎቹ ግን ከእርሱ ጋር እንዳሉ ይቀራሉ። ምልክቱ ሠራተኛው በአዲሱ አካውንት ገብቶ ድራይቩን ባዶ ማግኘቱ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ስሙ በወርክስፔስ አስተዳዳሪ ገጽ ላይ በተጠቃሚነት ካልተዘረዘረ አካውንቱ የግል ነው።

ከግል ጂሜይል የመጣን የመግቢያ ጥያቄ በይሉኝታ መፍቀድ

እኔ ከሁሉም በላይ የምፈራው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ድርጅቱ አካውንቶቹን በሥርዓት ለይቶ ከጨረሰ በኋላም ይቀጥላል። አንድ ብሮውዘር ላይ ሁለት አካውንት የተከፈተ እንደሆነ ሊንክ ሲጫን ብዙ ጊዜ የሚከፈተው መጀመሪያ በተገባበት አካውንት ነው። ያ የግሉ ከሆነ ሠራተኛው ፈቃድ የለህም የሚል ገጽ ይመጣለታል፤ ጥያቄ መላኪያውንም ይጫናል። የፋይሉ ባለቤት የሚያውቀውን ስም አይቶ ይፈቅዳል። ከዚያ በኋላ ያ ሰው ወደ ፋይሉ የሚገባባቸው በሮች ሁለት ሆኑ። ሥራ ሲለቅ የድርጅት አካውንቱ ይዘጋል፤ በግል ጂሜይሉ የተሰጠው ፈቃድ ግን ማንም ካልሰረዘው እዚያው ይኖራል።

መፍትሔው ለሥራና ለግል የተለያየ የክሮም ፕሮፋይል መክፈት ነው። ከግል አድራሻ የመጣን ጥያቄ ደግሞ ሳይፈቅዱ «በሥራ አካውንትህ ክፈተው» ብሎ መመለስ ነው። ባልደረባን መከልከል ሊያሳፍር ይችላል፤ ይሁን እንጂ የተከለከለው ሰውዬው ሳይሆን የተሳሳተው አካውንት ነው።

ፋይሎችን በቅጂ ማዛወር

የግል አካውንት ባለቤት ፋይሉን ለድርጅት አካውንት በባለቤትነት ማስተላለፍ አይችልም። ይህን ያወቁ ሰዎች Make a copy ወደሚለው ይሮጣሉ። ቅጂው የቆየውን የለውጥ ታሪክ አይዝም፤ የማን እጅ የደመወዙን ቁጥር መቼ እንደቀየረው የሚያሳየው መዝገብ ከድሮው ፋይል ጋር ይቀራል። ሊንኩም አዲስ ነው። በኢሜይሎች ውስጥ ያለው የቀድሞ ሊንክ አሁንም የድሮውን ፋይል ስለሚከፍት፣ ከሰዎቹ ገሚሱ አዲሱን፣ ገሚሱ አሮጌውን ሲሞሉ ይከርማሉ። የጉግል ፎርም ቅጂ ደግሞ ጥያቄዎቹን ብቻ ይዞ ይመጣል፤ የተሰበሰቡት መልሶች አይከተሉትም።

የተሻለው መንገድ Shared drive የሚባለው ነው። በዚህ ውስጥ ያለ ፋይል የማንም ግለሰብ አይደለም፤ ባለቤቱ ድርጅቱ ነው። በሁሉም የክፍያ ዕቅድ ላይ ላይኖር ስለሚችል ከመግዛት በፊት ማጣራት ያስፈልጋል። በምሳሌያችን፣ ሥራ አስኪያጁ አንድ ይከፍትና የሂሳብ ሠራተኛዋን የግል አካውንት በጊዜያዊነት በአባልነት ያስገባል፤ አስተዳዳሪው የውጭ ሰዎችን ማስገባት መፍቀድ አለበት። እርሷ የራሷን ፋይሎች ወደዚያ ታዛውራለች፤ ሊንኩም ታሪኩም ሳይነካ ባለቤትነቱ ይለወጣል። የሽያጭ ሠራተኛውን ፋይሎች ግን እርሷ ማዛወር ስለማትችል እርሱም በተራው የራሱን ያዛውራል። በአንድ ዋጋ በሌለው ፋይል ሞክሮ Owner የሚለው መለወጡን ማየት፣ ከዚያ የቀሩትን ማዛወር፣ በመጨረሻም የግል አካውንቶቹን ከአባልነት ማስወጣት ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሠራተኛዋ ገና ሥራ ላይ ሳለች፣ ፈቃደኛም ስትሆን ነው።

የለቀቀን ሠራተኛ አካውንት ወዲያው መሰረዝ

የድርጅት አካውንት ያለው ሠራተኛ ሲሄድም ጥድፊያ ይጎዳል። በራሱ My Drive ውስጥ ያሉት ፋይሎች ወደ ሌላ ሰው ካልተላለፉ ከአካውንቱ ጋር ይሰረዛሉ። የአካውንቱን ክፍያ ለመቆጠብ ሲባል በመጨረሻው ቀን ማታ የተሰረዘ አካውንት በ20 ቀን ውስጥ ብቻ ሊመለስ ይችላል። መጀመሪያ አካውንቱን ማገድ፣ ፋይሎቹን ለተተኪው ማስተላለፍ፣ ከዚያ መሰረዝ ይሻላል።

የግል ጉዳይን በድርጅት አካውንት ማስቀመጥ

ድብልቁ በተቃራኒውም አለ። የቤተሰብ ፎቶ፣ የሕክምና ማስረጃ ወይም የግል የባንክ ደብዳቤ በሥራ አካውንት ያስቀመጠ ሰው፣ አስተዳዳሪው የይለፍ ቃሉን ለውጦ መግባት እንደሚችል ይወቅ። አካውንቱ በታገደ ሰዓት እርሱ ራሱ ምንም ማውጣት አይችልም። ስለዚህ ሠራተኛው መልቀቂያውን ከማስገባቱ በፊት የግሉን አውርዶ ይያዝ፤ ድርጅቱም አካውንቱን ከማገዱ በፊት ይህን የሚያደርግበት አንድ ቀን ይስጠው።