ገቢዎ ወር በወር የሚለዋወጥ ከሆነ የቤት በጀት እንዴት ይያዛል?

ሐረር መኪና ግርግር ላይ ልብስ የሚሰፋ ሰው ገንዘብ በደንብ የሚያየው በሦስት ወቅት ነው፤ ትምህርት ቤት ሲከፈት በዩኒፎርም፣ ጥር ላይ በሠርግ ልብስ፣ በረመዳን ደግሞ በኢድ ልብስ። በመካከል ያሉት ወሮች ቀዝቃዛ ናቸው። እኔም የምኖረው በዚሁ ሙያ ነው፤ ለደመወዝተኛ የተጻፈ የበጀት ምክር ለእኛ ቤት እንደማይሠራ ያወቅሁት በብዙ ጭንቀት ነው። ደመወዝተኛ ከሚመጣው ገንዘብ ተነሥቶ ያቅዳል። የእኛ ዓይነቱ ቤተሰብ ግን ማቀድ ያለበት ከመጣው ብቻ ነው።

ዘዴው ከዜሮ የሚነሣ በጀት ይባላል። በእጅዎ ያለው እያንዳንዱ ብር ሥራ ይሰጠዋል፤ ሥራ ያልተሰጠው ገንዘብ ዜሮ ሲሆን በጀቱ ተጠናቀቀ ማለት ነው። ይህ ገንዘቡን ጨርሶ ማውጣት አይደለም። ለመስከረም ደብተር የተቀመጠ ብርም ሥራ አግኝቷል። ሦስት ወር የማይነካ ብር እንኳ ስም ካለው ተመድቧል።

አንደኛ፦ የራስዎን ገንዘብ ከሰው ገንዘብ ይለዩ

ብዙ ቤት የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ።

በወሩ የመጨረሻ ማታ በእጅ፣ በባንክና በቴሌብር ያለውን ሁሉ ይደምሩ። ከዚያም የእርስዎ ያልሆነውን ይቀንሱ። በልብስ ስፌት ሥራ የሰው ገንዘብ በሁለት መንገድ ይገባል። አንደኛው ለጨርቅ መግዣ ደንበኛው የሰጠው ነው፤ ይህ አደራ ነው። ሁለተኛው ቀብድ ነው። ቀብድ ኪስ ውስጥ ሲገባ ገቢ ይመስላል፤ ነገር ግን ልብሱ ተሰፍቶ እስኪሰጥ ድረስ ዕዳ ነው። ደንበኛው ሐሳቡን ቢቀይር ወይም ሥራው ቢበላሽ ይመለሳል። ቀብዱን ለቤት ኪራይ የከፈለ ሰው ክርና ዚፕ የሚገዛው ከሚቀጥለው ደንበኛ ቀብድ ነው፤ የዚያኛውን ደግሞ ከሦስተኛው። ሥራ በሞላበት ሰሞን ይህ አይታወቅም። የሚታወቀው አዲስ ደንበኛ የቀነሰ ሳምንት ላይ ነው፤ ያልተሰፉ ልብሶች ተደርድረው፣ የተቀበሉት ገንዘብ ግን የለም። ባጃጅ የሚነዳ የባለቤቱን ዕለታዊ ገቢ፣ ቅመም የሚሸጥ በዱቤ ያመጣውን ዕቃ ዋጋ በዚሁ መንገድ መቀነስ አለበት።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አባት ልብስ ሰፊ፣ እናት በርበሬና ቅመም ሻጭ፣ ሁለት ተማሪ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ነው። ጥቅምት 30 ማታ የተደመረው 27,400 ብር ሆነ። ላልተሰጠ ልብስ የተቀበሉት ቀብድ 5,200፣ የደንበኛ የጨርቅ ገንዘብ 3,100፣ ለክር ነጋዴ ያለባቸው ዕዳ 700 ነው። የራሳቸው የሆነው 18,400 ብር ብቻ ነው። የኅዳር በጀት የሚሠራው በዚህ ቁጥር ነው።

የሰውን ገንዘብ በወረቀት ላይ መቀነስ ብቻ አይበቃም። ለብቻው በሌላ ቦርሳ ይቀመጥ፤ እኔ ማሽኑ መሳቢያ ውስጥ ነው የማኖረው፣ ወደ ቤትም አይሄድም።

ሁለተኛ፦ ወሩ ሳያወጡ የማያልፍባቸውን ወጪዎች ይጻፉ

የምሳሌያችን ቤተሰብ ኪራይ 4,500፣ ምግብና ከሰል በቀን 300 ሒሳብ 9,000፣ መብራትና ውኃ 600፣ እድር 150፣ ትራንስፖርትና ስልክ 750፤ በጠቅላላው 15,000 ብር ያወጣል። ወሮቻችን ሁሉም 30 ቀን መሆናቸው ለምግብ ሒሳብ ትልቅ እፎይታ ነው። ቤት ውስጥ ጫት የሚቃም ካለ ራሱን የቻለ መስመር ይሰጠው። «ልዩ ልዩ» በሚል መስመር ውስጥ የተቀመጠ የየዕለት ወጪ መጠኑ መቼም አይታወቅም።

ሦስተኛ፦ ቀናቸው ለሚታወቅ ወጪዎች ፖስታ ይክፈቱ

የትምህርት ቤት መክፈቻ፣ ኢድ፣ የማሽን ጥገና ድንገተኛ አይደሉም። ቀናቸው ይታወቃል፣ መጠናቸውም በግምት ይታወቃል። ለእያንዳንዱ ስም የተጻፈበት ፖስታ ይኑር። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የሚያስፈልገው መጠን፣ ገንዘቡ እስከሚያስፈልግበት ቀን ለቀሩት ወሮች ይካፈላል።

የእኛ ቤተሰብ ለሁለት ልጆች ዩኒፎርም፣ ጫማ፣ ደብተርና ምዝገባ 12,000 ይፈልጋል። ከኅዳር እስከ ነሐሴ 10 ወር ስለሆነ በወር 1,200 ነው። ኢድ በመጋቢት መጀመሪያ አካባቢ ነው እንበል፤ ከሳምንት በኋላ የሚመጣውን ሹዋሊድ ጨምሮ 8,000 ቢያስፈልግ ከኅዳር እስከ የካቲት ላሉት 4 ወሮች በወር 2,000 ይሆናል። ለማሽን ዘይት፣ ቀበቶና ጥገና በወር 200።

ከዚህ ሌላ ብዙ ሰው የሚረሳው ጳጉሜን ነው። ኪራይ የሚከፈለው ለ12 ወር ነው፤ ሆድ ግን ጳጉሜንም ይበላል። አምስቱ ቀን በ300 ሒሳብ 1,500 ብር ነው፤ የሚመጣውም ለእንቁጣጣሽና ለትምህርት ቤት ገንዘብ በሚፈስበት ሰሞን ነው። ለ10 ወር ሲካፈል 150 ብቻ ስለሆነ ከሩቅ ማጠራቀሙ ቀላል ነው። ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ ስድስት ቀን እንደሚሆንም አይዘንጉ።

አራቱ ፖስታዎች በወር 3,550 ይፈልጋሉ። ከ15,000 ጋር ሲደመር የዚህ ቤት ሙሉ ወር 18,550 ብር ነው።

አራተኛ፦ ዜሮ እስኪሆን ያከፋፍሉ

በእጅ ያለው 18,400 ስለሆነ 150 ብር ይጎድላል። መጀመሪያ 15,000 ለወሩ ወጪ ይነሣል፤ 3,400 ይቀራል። ከፖስታዎቹ ቀኑ የቀረበው ይቀድማል፦ ለኢድ 2,000፣ ለትምህርት ቤት 1,200፣ ለማሽን 200። ዜሮ ሆነ። ጳጉሜን በዚህ ወር ምንም አላገኘም፤ የሚቀጥለው ወር ሲሰላ 1,500 ለ9 ወር ተካፍሎ ወደ 167 ይጠጋል።

ከዚህ በኋላ ዋናው ሕግ ይመጣል። በኅዳር ውስጥ የሚገባው ገንዘብ ለኅዳር አይወጣም። ስሙን «ማቆያ» ባሉት ቦታ ይጠራቀምና ታኅሣሥ 1 ቀን ይከፋፈላል። በዚህ መንገድ ቤቱ ለራሱ ደመወዝ ከፋይ ይሆናል።

ወሩን ሙሉ የሚሸፍን ገንዘብ የሌለው ቤት ወዲያው እዚህ አይደርስም። እስከዚያው ገንዘብ በገባ ቁጥር በዚሁ ቅደም ተከተል ይመድቡ፦ መጀመሪያ የአሥር ቀን ምግብ፣ ቀጥሎ ኪራይ፣ ከዚያ መብራት፣ ውኃና እድር፣ ከዚያ ቀኑ የቀረበ ፖስታ። ወር ሙሉ ለመቅደም የሚያስችለው አንድ ጥሩ ወቅት ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ገቢው ሲወርድ

በኅዳር የገባው የራሳቸው ገንዘብ 12,600 ብር ብቻ ሆነ እንበል። ታኅሣሥ ሲሰላ 15,000ው እንኳ አይሞላም፤ 2,400 ይጎድላል። እዚህ ላይ ሰው ወይ ይበደራል፣ ወይ በጀቱን ይተወዋል። ሁለቱም አያስፈልጉም።

ቅነሳው ከዕለት ወጪ ይጀምራል። ምግብ ከ300 ወደ 270 ሲወርድ 900 ብር፣ ትራንስፖርትና ስልክ ወደ 350 ሲወርድ 400 ብር ይተርፋል። የቀረው 1,100 ቀኑ ከራቀው ፖስታ ይወሰዳል፤ ከትምህርት ቤቱ። ከኢድ ፖስታ አይነካም፤ ለመመለስ ጊዜ የለውምና። ከዚያ እንደገና ይካፈላል፦ በትምህርት ቤቱ ፖስታ 100 ብር ቀርቷል፣ 11,900 ለ8 ወር ሲካፈል በወር ወደ 1,490 ይጠጋል። ከ1,200 ወደ 1,490 ማደግ ይቻላል።

ኢድ ግን በታኅሣሥ ምንም ስላላገኘ 6,000 ለሁለት ወር ቀርቶታል፤ በወር 3,000። ይህ የሚከብድ ከሆነ ኢዱን ወደ 6,000 ማውረድ ይቻላል፤ ያኔ በወር 2,000 ይበቃል። የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም ለእኔ ይህ ነው፦ የልጆቹ ልብስ በአዲስ ጨርቅ ይሁን ወይስ ካለው ይስተካከል የሚለው ውሳኔ ሁለት ወር ቀድሞ፣ ባልና ሚስት ተቀምጠው በእርጋታ ይወሰናል። በዋዜማው ገበያ መሐል ሲሆን ግን መውጫው ብድር ነው።

የዓመቱን ገቢ ደምረው ለ12 ካካፈሉ በኋላ በአማካዩ መኖር አይጀምሩ። አማካዩ ቆንጆ ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ኅዳር ላይ በእጅ የለም።

ገንዘቡ የት ይቀመጥ?

በሁለት ወር ውስጥ የሚወጣ በወረቀት ፖስታ ቤት ይቀመጥ። የራቀው የኤቲኤም ካርድ ባልወጣለት የቁጠባ ሒሳብ ይግባ፤ ወለድ የማይፈልግ ሰው ከወለድ ነፃ አገልግሎት ያገኛል። ለእያንዳንዱ ፖስታ ሒሳብ መክፈት አያስፈልግም። አንድ ሒሳብና ዓምድ የተሰመረበት አንድ ደብተር ይበቃል። በወሩ መጨረሻ የዓምዶቹ ድምር ከባንኩ ቀሪ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ እኩል ካልሆነ አንድ ሰው ሳይጽፍ ወስዷል ማለት ነው። ያን ቀን ካልተጣራ በሚቀጥለው ወር አይገኝም። ይህን ገንዘብ በቴሌብር ማስቀመጥ አልመክርም፤ ለመክፈል በጣም ቀላል ስለሆነ ፖስታው ሳይታወቅ ይሳሳል።

እቁብን እወዳለሁ፤ ለአዲስ ማሽን መግዣ ከእቁብ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ቀኑ ለተቆረጠ ወጪ ግን አይሆንም፤ ዕጣው መቼ እንደሚወጣልዎ አይታወቅም። በዚያ ላይ መዋጮው ቀዝቃዛ ወር አያውቅም። ከገቡበት ዝቅተኛ ወርዎ የሚችለውን ያህል ብቻ ይግቡ፤ መዋጮውንም ከኪራይ ጎን ይጻፉት።

ጥሩው ወር ሲመጣ

በረመዳን ገንዘብ ሲበዛ ቅደም ተከተሉ አይቀየርም፦ የወሩ ወጪ፣ የፖስታዎቹ ድርሻ፣ ከዚያ የተነካው ፖስታ ይሞላል። የተረፈው ወደ ማቆያ ይገባል፤ የሚቀጥለውን ወር 18,550 እስኪሸፍን ድረስ። እሱ ከሞላ በኋላ ደግሞ የቀዝቃዛ ወሮች ጉድለት ይጨመርበታል። የዚህ ቤት ዝቅተኛ ወር 12,600 ስለሆነ የአንድ ወር ጉድለት 5,950 ነው፤ ሁለት እንዲህ ያለ ወር ቢከታተል 11,900። ማቆያው ይህን ከያዘ በኋላ ነው ስለ አዲስ ወጪ መነጋገር የሚቻለው።

የኢድ ፖስታም በበዓሉ ማግስት እንደገና ይከፈታል። ኢድ በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚመጣ 8,000ውን ለ12 ሳይሆን ለ11 ወር ያካፍሉት፤ በወር ወደ 730 ብር።