የእንቁጣጣሽን ቤት ለሩቅ ዘመድ ፎቶ ስናነሳ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አምና የእንቁጣጣሽ ዕለት ደሴ ሸዋ በር ያለውን የቤታችንን ሳሎን በስልኬ አንስቼ ሪያድ ላለችው ታላቅ እህቴ ላክሁላት። መልሷ «መብራት ጠፍቶባችሁ ነው እንዴ?» የሚል ነበር። መብራቱስ አልጠፋም። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ አደይ አበባው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ እማዬም አዲሱን መጋረጃ ሰቅላለች። ፎቶው ላይ የሚታየው ግን ነጭ የሆነ መስኮትና ከሥሩ የጠቆረ ወለል ብቻ ነው።

መስኮቱን ፊት ለፊት አድርጎ ማንሳት። ስልኩ የብርሃኑን መጠን የሚወስነው ያየውን ሁሉ መዝኖ ነው። መስኮቱ በጣም ስለሚያበራ ለእሱ ሲል የቀረውን ያጨልመዋል። መፍትሔው ቦታ መቀየር ነው፤ መስኮቱ በግራ ወይም በቀኝ ጎናችሁ ይሁን። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ የቄጤማው እያንዳንዱ ዘንግ ትንሽ ጥላ ይጥላል፣ ጀበናውም ክብነቱ ይታያል። ቤቱ ጠቦ ሌላ መቆሚያ ከጠፋ ስክሪኑ ላይ ቄጤማውን በጣት ነካ አድርጉት፤ ስልኩ ወለሉን አይቶ ብርሃኑን ያስተካክላል። ያኔ መስኮቱ መንጣቱ አይቀርም፣ ግን መስኮቱን ማን ፈልጎት!

አምፖል ማብራት፣ ሲብስም ፍላሽ። «ይጨልማል» ብለን በቀን አምፖል እናበራለን። የቀን ብርሃን ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ብዙው የቤት አምፖል ደግሞ ወደ ቢጫ፤ ስልኩ ሁለቱን እኩል ማረም አይችልም። ግማሹ ግድግዳ ቢጫ፣ ግማሹ ሰማያዊ ይሆናል፤ አደዩም ቢጫው ሳሎን ውስጥ ይጠፋል። ፍላሽ ደግሞ የቡፌው መስታወትና የቴሌቪዥኑ ስክሪን ላይ ነጥሮ ይመለሳል፣ የቀረበውን አንጥቶ የራቀውን ያጨልማል። ሁለቱንም አጥፉና ሰዓት ምረጡ። ደሴ በዚያ ወቅት ከሰዓት በኋላ ደመናና ዝናብ አያጣትም፤ ባይዘንብም የጦሳ ተራራ በምዕራብ በኩል ስለቆመ ፀሐይዋን ቶሎ ይጋርዳታል። ስለዚህ ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ፣ እንግዳ ቄጤማውን ሳይረግጠው ብታነሱ ይሻላል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ፀሐዩ በመስኮት በቀጥታ ገብቶ ወለሉ ላይ ካረፈ ስሱን መጋረጃ ዝጉት፤ ብርሃኑ ይለዝባል።

ቆሞ ቁልቁል ማንሳት። ከላይ የታየ ቄጤማ አረንጓዴ ምንጣፍ ይመስላል፤ ረከቦቱም ከወለሉ ጋር ይጣበቃል። መሬት ላይ መተኛትም አያዋጣም፣ የፊቶቹ ሲኒዎች የኋላዎቹን ይደብቃሉ። እኔ ያገኘሁት ልክ በርጩማ ነው፤ ቡና ሊጠጣ የተቀመጠ ሰው ዓይን በሚደርስበት ከፍታ። እህቴም ብትኖር የምታየው ከዚያ ነው። ስልኩን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፤ ካዘነበለ ግድግዳውና በሩ የሚወድቁ ይመስላሉ። ቤቱን በሙሉ ለማስገባት 0.5 የሚለውን መንካት ደግሞ ዳር ዳሩን ይለጥጣል። አንዴ ሞክሬው እህቴ «ሳሎኑን አስፋፋችሁት?» አለችኝ። ይልቅ 1x ላይ ትታችሁ እስከ በሩ ጥግ አፈግፍጉ።

ዕጣኑን ማሳየት ከፈለጋችሁ፣ ጭሱ በነጭ ግድግዳ ፊት አይታይም። ከበስተጀርባው ጠቆር ያለ ነገር፣ ለምሳሌ ወደ ጓዳ የተከፈተ በር፣ እንዲሆን አድርጉና ብርሃኑ ከጎን ይምጣ።

ዝርክርኩን ሳያዩ ማንሳት፣ ወይም ሁሉንም መጥረግ። ዓይናችን የለመደውን አያይም፤ ካሜራ ግን የኤክስቴንሽኑን ገመድ፣ ሶፋው ሥር ያለውን ፌስታል፣ የበሩን ጥግ ጀሪካን አንድም አይምርም። አንድ የሙከራ ፎቶ አንሱና አሳንሳችሁ እዩት፤ ዓይናችሁ ከአበባው በፊት የሄደበትን ነገር ከዚያ አስወግዱት። ሌላው ተቃራኒው ስህተት ነው። እኔ ቡፌው ላይ ያለውን አሮጌ ሬዲዮ «ያስጠላል» ብዬ ደብቄው እህቴ ፎቶውን እንዳየች «የአባዬ ሬዲዮ የት ሄደ?» አለች። ፌስታልና ገመድ ይነሳ፤ ለቤቱ ሰው ትዝታ ያለው ዕቃ ግን ባለበት ይቆይ።

ከማንሳታችሁ በፊት የስልኩን ሌንስ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ ዶሮ ሲሠራ የዋለ እጅ የነካው ሌንስ ሁሉን ነገር ጭጋግ ያደርገዋል። ስትልኩም በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፣ ካልሆነ ጥራቱን ይቀንሰዋል። ዘንድሮ እንደዚያ ላክሁላት። እህቴ አጉልታ አጉልታ፣ እማዬ ከኋላ የደበቀቻትን ሲኒ አገኘችና «ያቺ አፏ የተሸረፈችው አሁንም አለች?» ብላ ሳቀች።